የጎረቤቶቻችንን አረፋ በ90 ሰከንድ ቪዲዮ ማስረዳት፦ ጽሑፌን እዩልኝ

ናሆም

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖርበት ግቢ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተቀላቅሎ የሚኖርበት ነው። የነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። በየበዓሉ አጭር ቪዲዮ እናውጣ ተባለና ተስማማን። ልዩ የሚያደርገው፣ እያንዳንዳችን የምንሠራው የራሳችንን ሳይሆን የጎረቤታችንን በዓል ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የደረሰኝ ዒድ አል-አድሐ፣ አረፋ የምንለው በዓል ነው።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቼ አይተውት «ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ» ብለው በጨዋነት ያልፉኛል፤ ውስጣቸው ግን «ይህማ የኛ በዓል አይደለም» ይላል። ይሉኝታ ሳይዛችሁ እንድትነግሩኝ ነው እዚህ ያመጣሁት።

ጽሑፉ ይኸውና፦

«ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የአረፋን በዓል እያከበሩ ነው። አረፋ ለነሱ ልክ ለኛ ፋሲካ እንደማለት ነው። በዓሉ አብርሃም ልጁን ሊሠዋ የወጣበትን ቀን ያስታውሳል። አብርሃም ልጁን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ። ልጁ የሚጠብቀውን አያውቅም ነበር። ቢላዋው ሲነሣ መልአክ አስቆመው፤ በልጁ ፈንታ በግ ተሰጠ። ለዚህ መታሰቢያ እያንዳንዱ ሙስሊም በዚህ ቀን በግ ያርዳል፤ ሥጋውንም ለሦስት ይከፍላል። ሁላችንም የአብርሃም ልጆች ነን። ስለዚህ በዓሉ የሁላችንም ነው።»

ምስሎቹ፦ አብርሃም ቢላዋ ይዞ መልአክ እጁን ሲይዘው የሚያሳይ የቆየ ሥዕል፣ የካዕባ ቪዲዮ፣ እርድ፣ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች። ከስር ለስለስ ያለ ሙዚቃ አለ፤ መሐል ላይ «አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ይገባል።

ምን ይስተካከል?

ካሳሁን

ወንድሜ፣ የሌላ እምነት በዓል ላይ እንኳን አደረሳችሁ ማለት ይቻላል ወይ ከሆነ ጥያቄህ፣ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እዚህ የሚመልስልህ የለም።

ናሆም

ጋሽ ካሳሁን፣ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዬ ግን እሱ አይደለም። ቪዲዮውን መሥራቴ ተወስኗል። የምሠራው ነገር የበዓሉን ትርጉም እንዳያጣምም ነው የምፈልገው።

ሰሚር

ማሻአላህ፣ ናሆም ወንድሜ! እኛን አስበህ መሥራትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እንደኔ ጽሑፉ አሪፍ ነው። ብቻ «አብርሃም» የሚለውን «ነቢዩ ኢብራሂም» በለው። ሥጋው ላይ ደግሞ ጠንከር አድርገው። ለሦስት መከፈሉ ግዴታ ነው፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለችግረኛ። ማረድም ግዴታ ነው። ሌላው ጥሩ ነው፤ ልቀቀው።

ኡሙ ሰልማ

ወንድሜ ናሆም፣ ሰሚር ቸኩሎብሃል። ገና አትልቀቀው። ለዓመታት ለልጆች ቂርኣት ሳስተምር ስለኖርኩ ይህን ታሪክ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። ጽሑፍህን ሳነበው መሐሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቆመኝ፦ «ልጁ የሚጠብቀውን አያውቅም ነበር።»

እኛ ጋ ልጁ ያውቃል። የታሪኩ ልብም ይኼ ነው። ሱረቱ አስ-ሷፋት 102ኛው አንቀጽ ላይ ኢብራሂም ዝም ብሎ ልጁን ይዞት አይሄድም። «ልጄ ሆይ፣ በሕልሜ ሳርድህ አየሁ፤ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁም «አባቴ ሆይ፣ የታዘዝከውን ፈጽም፤ አላህ ከሻ ከታጋሾቹ ሆኜ ታገኘኛለህ» ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ «ሁለቱም እጅ በሰጡ ጊዜ» ብሎ ይጀምራል። ሁለቱም ነው የሚለው። አባት ብቻውን አልተፈተነም፤ ልጅም አብሮ ተፈትኖ እሺ ብሏል።

ይህን ከቪዲዮው ስታወጣው የሚቀረው ምንም የማያውቅ ልጅ እና ቢላዋ የያዘ አባት ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሊደነግጥበት ይችላል። እኛ ግን ልጆቻችንን የምናስተምረው የሁለት ሰው ታዛዥነትን ነው። ትንንሾቹ ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝም ስለዚህ ነው፤ «ኢስማዒል አልፈራም?» ይሉኛል። እኔም ያንን የልጁን መልስ አነብላቸዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉን አውጣው። ነቢያትን በሥዕል ማሳየት እኛ ዘንድ አይፈቀድም። የጻፍከው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ያ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ሲመጣ የብዙ ሙስሊም ልብ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የምትናገረውን የሚሰማህ የለም።

ሙዚቃውን ደግሞ ከተክቢራና ከቁርኣን በታች አታድርግ። ተክቢራ ዚክር፣ አላህን ማውሳት ነው፤ ለፊልም ማጀቢያ የሚሆን ድምፅ አይደለም።

ዘካርያስ

እህታችን ኡሙ ሰልማ ያለችው ትክክል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከየት እንደመጣ ደግሞ እኔ ልናገር። ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ናሆም ሳያስበው የጻፈው ዘፍጥረት 22ን ነው። እዚያ ይስሐቅ እንጨቱን ተሸክሞ እየሄደ «እሳቱና እንጨቱ ይኸው፤ የመሥዋዕቱ በግ ግን ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አብርሃምም «እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ይለዋል። እኛ ክርስቲያኖች ያንን ጥያቄና ያንን መልስ በጣም እንወደዋለን። ከክርስቶስ ጋር አያይዘን ነው የምንሰብከው።

ለዚህ ነው ወጥመድ የሚሆነው። የማናውቀው ታሪክ ቢሆን ኖሮ ናሆም ሄዶ ይጠይቅ ነበር። የሚያውቀው ስለመሰለው አልጠየቀም። ከጎረቤት ጋር የጋራ ታሪክ ስናገኝ ባዶ ቦታውን የምንሞላው ከራሳችን መጽሐፍ ነው። «ወደ ተራራ ወጣ» የሚለውም ከዘፍጥረት ነው የመጣው። ናሆም፣ ጽሑፍህን እንደገና ስታየው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህን ማን ነገረኝ?» ብለህ እለፍበት። መልሱ «ድሮም አውቀው ነበር» ከሆነ እዚያ ላይ ምልክት አድርግበት።

ናሆም

ዋው። በጣም አመሰግናለሁ። የልጁን መልስ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ስሙንስ ምን ላድርግ? «ልጁ» ብዬ ልለፈው ወይስ ኢስማዒል ልበል? ክርስቲያኖቹ «ይስሐቅ ነው እንጂ» ብለው ግሩፑን ክርክር በክርክር እንዳያደርጉት።

ሰሚር

ኢስማዒል በል እንጂ! በዓሉ የማን ሆነና?

ኡሙ ሰልማ

ቁርኣን እዚያ ቦታ ላይ የልጁን ስም አይጠራም። ከጥንት ሊቃውንት መሐል ይስሐቅ ነው ያሉም ነበሩ፤ ጠበሪ አንዱ ነው። ዛሬ ግን ሙስሊሙ በጥቅሉ ኢስማዒል ነው የሚለው። ለልጆቻችንም የምንነግረው እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጎረቤትህ በራሷ አንደበት የምትናገረው ከሆነ ኢስማዒል ማለቷ አይቀርም፤ አትቁረጥባት። አንተ ራስህ የምትተርከው ከሆነ «ልጁ» ብትልም ውሸት አይሆንም።

ዘካርያስ

እኔ ግን ስሙን መዝለል አይታየኝም። የተዘለለው ነገር ይታወቃል። ሙስሊሙ «ለምን ሸሸው?» ይላል፤ ክርስቲያኑም ይስሐቅ ነው ብሎ በልቡ ይሞላዋል። እንደገና ዘፍጥረትን አየን ማለት ነው።

ኡሙ ሰልማ

እሱስ እውነትህን ነው። እኔ ግን በ90 ሰከንድ ውስጥ አንድ ስም ጠብ ቢያስነሣ የልጁን መልስ የሚሰማው ይጠፋል ብዬ እሰጋለሁ። ናሆም የግቢውን ሰው ያውቃል፤ እሱ ይወስን።

ሰሚር፣ አሁን ወዳንተ ልምጣ። ማረድ በሐነፊ መዝሀብ፣ ማለትም በአንዱ የሕግ ትምህርት መንገድ፣ አቅም ላለው ዋጂብ፣ ግዴታ ነው። ሻፊዒይና ሌሎች ብዙዎች ዘንድ ግን የጠነከረ ሱና ነው፤ በጣም የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም። «እያንዳንዱ ሙስሊም ያርዳል» ከተባለ አቅም የሌለው ጎረቤት ያን ቀን ሃይማኖቱን ያጓደለ መስሎ ይታያል። ይህን የሚያየው ደግሞ እዚያው ግቢ የሚኖር ሰው ነው። ለሦስት መክፈሉም የተወደደ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ከዚያ በላይ የሰጠ አለ፤ ቤተሰቡ ብዙ ሆኖ ብዙውን ያስቀረም አለ። በግ ብቻም አይደለም። ፍየልም ይታረዳል። ከብትና ግመል ደግሞ ሰባት ሰው ሊጋራው ይችላል።

«አቅም ያለው ያርዳል፤ ለቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለችግረኛ ያካፍላል» ብትል ከሁሉም ጋር ትስማማለህ። አጭርም ነው።

ሰሚር

እሺ እናቴ፣ እኛ ቤት ሁልጊዜ ለሦስት ስለሚከፈል ነው። ያደግኩበት እሱ ነው።

ኡሙ ሰልማ

መልካም ልማድ ነው፤ አትተዉት። ቪዲዮው ውስጥ ሕግ ሆኖ አይነገር ነው ያልኩት።

ፍሬሕይወት

በሌላ በኩል ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ አንድ ሙስሊም ባልደረባችን የፋሲካን ቪዲዮ ሠራልን። ልጁ በጣም ጥሩ ልብ አለው። ቪዲዮው የሚለው፣ ፋሲካ ከረጅም ጾም በኋላ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚፈታበት፣ ፍቅርና ይቅርታ የሚነግሥበት በዓል ነው። አለቀ። ትንሣኤ የሚል ቃል አልነበረበትም። ክርስቶስም አልተጠቀሰም።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «እኔ የማላምንበትን ነገር በአፌ ስናገረው ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ እናንተንም እንዳላስቀይም ብዬ ነው» አለኝ። ገባኝ። ግን ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተነሣ የሚለው ከወጣ ፋሲካ ምን ቀረው? ጾም መፍቻ ብቻ። ማንም አልተሰደበም፤ በዓላችን ግን እዚያ ቪዲዮ ውስጥ አልነበረም።

ናሆም ጽሑፍህ ላይ «ልክ ለኛ ፋሲካ እንደማለት ነው» የሚለውን ሳይ ይህ ትዝ አለኝ። ፋሲካ ከሆነ ሰው ጾም ሊፈታ ነው ብሎ ያስባል። ዒድ አል-አድሐ ከጾም ማብቂያ ጋር ይያያዛል እንዴ?

ኡሙ ሰልማ

አይያያዝም፤ እሱ ከረመዳን በኋላ የሚመጣው ዒድ አል-ፊጥር ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው ስላለ ያ ንጽጽር ይብስ ያደበላልቃል። ዒድ አል-አድሐ የሚያያዘው ከሐጅ ጋር ነው። ደግነቱ አነሣሽው። ናሆም ጽሑፍ ውስጥ ሐጅ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። በዙልሒጃ ወር ዘጠነኛው ቀን ሐጃጆች አረፋ ላይ ቆመው ይውላሉ። በዓሉ በማግስቱ፣ በአሥረኛው ነው። ጽሑፉ ውስጥ ሶላትም የለም። ከዒድ ሶላት በፊት የታረደ እንደ ኡዱሒያ፣ እንደ በዓሉ መሥዋዕት፣ አይቆጠርም፤ ሥጋ ብቻ ነው የሚሆነው። ሶላቱን ትተህ እርዱን ካሳየህ ጭራውን አሳይተህ ራሱን ቆረጥክ ማለት ነው።

ባልደረባሽ ያለው ግን መልስ የሚፈልግ ነው፤ የማያምንበትን እንዴት ይናገር? እኔም ብሆን «ክርስቶስ ሞቶ ተነሣ» ብዬ በራሴ ድምፅ አልልም።

ብሩክ ኤዲቲንግ

በሙያዬ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። ይህ በኛ ሥራ የታወቀ መፍትሔ አለው። ድምፁን ለባለቤቱ ስጠው።

ተራኪው «ሙስሊሞች እንዲህ ብለው ያምናሉ፣ እንዲህም ብለው ያምናሉ» እያለ ከቀጠለ ሦስተኛው ላይ ስለ ሩቅ አገር ሰው የሚያወራ ይመስላል። «ያምናሉ»ን ሙሉ በሙሉ ካወጣኸው ደግሞ ተራኪው የራሱን እምነት የሚናገር ይሆናል። ስለዚህ ናሆም፣ አንተ መግቢያውን ብቻ በል። እምነቱን የሚመለከተውን ሁሉ ጎረቤትህ በራሷ ድምፅ ትናገረው። እሷ «ነቢያችን ኢብራሂም» ስትል ማንም ግር አይለውም፤ የሚያምነው ሰው እየተናገረ ነውና። የፍሬሕይወት ባልደረባም አንድ ክርስቲያን አስቀምጦ «ትንሣኤ ለአንተ ምንድን ነው?» ብሎ 30 ሰከንድ ቢቀርጸው ኖሮ ሳይዋሽ ይወጣው ነበር።

ስለ ርዝመቱ፦ 90 ሰከንድ ተረጋግቶ ለሚናገር ሰው 140 ቃል አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ከጫንከው ማንበብ ሳይሆን መሮጥ ይሆናል። ሁሉን ነገር ለማስገባት አትሞክር። በዓሉን በዓል የሚያደርገውን አስገባ፤ ሌላውን ተው።

ስትቆርጥ ተጠንቀቅ። ጎረቤትህ አንቀጽ ካነበበች መሐሉ ላይ አትቁረጥ፤ ድምፁንም እየቀነስክ አታጥፋው። እስኪያልቅ ጠብቅ። ካስረዘመብህ ከራስህ ንግግር ቀንስ።

ካዕባውም ልክ አይደለም። «አረፋ» እያልክ ካዕባን ታሳያለህ። አረፋ ከመካ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚርቅ ሜዳ ነው። ሐጅ የሄደ ሰው ወዲያው ያውቅብሃል።

ጋሽ ወርቁ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል። እኔ ግን «ሁላችንም የአብርሃም ልጆች ነን» የምትለዋን እንዳታወጡብኝ። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገን እሷ ናት። ልዩነቱን ማን ያጣዋል? ቪዲዮው የሚሠራው ሰውን ለማቀራረብ ከሆነ አንድ የሚያደርገን ቃል መጨረሻው ላይ ቢኖር ምን ይጎዳል?

ዘካርያስ

ጋሽ ወርቁ፣ ሐሳብዎ ይገባኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ «ስለዚህ በዓሉ የሁላችንም ነው»። የሁላችንም አይደለም። እኔ ያን ቀን ጎረቤቴን እጠይቃለሁ፣ ደስታውን እጋራለሁ፣ ግን አልሰግድም። እሱም ጥምቀት ላይ አብሮኝ ይቆማል፤ ጥምቀት የኔም ነው አይልም። የሁላችንም ነው ስንለው እርሱ ለአላህ የሚያደርገውን ወደ ግቢ ድግስ እንቀይረዋለን።

ጋሽ ወርቁ

እሱን አውጡት፤ አልከራከርም። የአብርሃም ልጆች የሚለው ግን ውሸት አይደለም።

ኡሙ ሰልማ

አባቴ፣ ውሸትስ አይደለም። እኔም እወደዋለሁ። ግን ማን ይበለው? በኔ አስተያየት ስለ እኔ በዓል እየተነገረ መጨረሻው ላይ ወደ ሁላችን ከተሻገረ የኔ በዓል ምሳሌ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ90 ሰከንድ ውስጥ 10 ሰከንዱ «አንድ ነን» ለማለት ከሄደ የልጁን መልስ ለመስማት ጊዜ አይተርፍም። ናሆም ቪዲዮውን ሲልክ ከስሩ በጽሑፍ ቢለው አይሻልም?

ጋሽ ወርቁ

ሰው ከስር ያለውን ጽሑፍ አያነብም ልጄ። እኔ አሁንም እንዳይወጣ እላለሁ።

ናሆም

ጋሽ ወርቁ፣ ገና አልወሰንኩም። እስካሁን የደረስኩበትን ልለጥፍ። ጎረቤታችንን አነጋገርኳት፤ ለመናገር ፈቃደኛ ናት።

እኔ፦ «ጎረቤቶቻችን ዛሬ ዒድ አል-አድሐን ያከብራሉ። ብዙዎቻችን አረፋ ብለን የምናውቀው በዓል ነው። ትናንት ሐጃጆች አረፋ ላይ ቆመው ሲጸልዩ ውለዋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ በያለበት ያለ ሙስሊም ለሶላት ወጥቷል።»

እሷ፦ «ነቢያችን ኢብራሂም ልጁን እንዲያርድ በሕልሙ አየ። ለልጁ ነገረው፤ ምን ይመስልሃል ብሎም ጠየቀው። ኢስማዒልም ‹አባቴ ሆይ፣ የታዘዝከውን ፈጽም፤ አላህ ከሻ ከታጋሾቹ ሆኜ ታገኘኛለህ› አለው። ሁለቱም ለአላህ እጅ ሰጡ። አላህም በልጁ ፈንታ የሚታረድ ሰጣቸው። እኛም ከሶላት በኋላ አቅም ያለን እናርዳለን። ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለችግረኛ እናካፍላለን። ግን አላህ ዘንድ ሥጋውም ደሙም አይደርስም። የሚደርሰው ተቅዋችን፣ አላህን መፍራታችን ነው።»

እኔ፦ «ዒድ ሙባረክ ጎረቤቶቻችን።»

ሥዕሉን አውጥቼዋለሁ። በቦታው የጎረቤታችን ፊት ነው ያለው፤ ስትናገር ዝም ብሎ እሷን ያሳያል። ሙዚቃም የለም። መጀመሪያ ላይ ተክቢራው ሳይቆረጥ ይሰማል።

ኡሙ ሰልማ

አላህ ይባርክህ። ይህን ሳነብ ልቤ አረፈ። ያ የሱረቱል ሐጅ 37ኛው አንቀጽ መግባቱም ጥሩ ነው። እርዱ ለምን እንደሆነ ጎረቤትህ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

አንድ ነገር ብቻ፦ «ትናንት» የሚለውን «በዋዜማው» በለው ወይም «በዙልሒጃ ዘጠነኛው ቀን» በል። ጨረቃን በየአገራቸው አይተው በዓሉን በሌላ ቀን የሚያከብሩ አሉ። ቪዲዮህ ደግሞ ከግሩፑ ወጥቶ መሄዱ አይቀርም። ለከርሞም ብትጠቀምበት ቀን አትጻፍበት። የጨረቃው ዓመት ወደ 11 ቀን ስለሚያጥር በዓሉ በየዓመቱ ቀደም እያለ ነው የሚሄደው።

ሶላቱን ልትቀርጽ ከሆነ አስቀድመህ አስፈቅድ። በሚሰግድ ሰው ፊት ለፊት አትቁም፣ አትለፍም። ከኋላ ወይም ከጎን፣ ራቅ ብለህ። የሴቶቹን ረድፍ ተወው።

ሰሚር

እርዱንስ አወጣኸው? እኔ መውጣቱን አልደግፍም። ለምን እንደብቀዋለን? የምናፍርበት ነገር አይደለም። ቢስሚላህ ብለን በእርጋታ ነው የምናርደው። ከደበቅከው ተመልካቹ አስቀያሚ ነገር ስለሆነ ነው ብሎ ያስባል።

ብሩክ ኤዲቲንግ

ሰሚር፣ ነጥብህ ትክክል ነው፤ ግን ምስል ከቃል ይበረታል። በ90 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ሰከንድ ደም ካለ ሰው ይዞት የሚሄደው ያንን ሦስት ሰከንድ ነው። ያ የልጁ መልስ ተውጦ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሰው ሲያሸጋግር መጀመሪያ የሚታየው አንድ ምስል አለ። እሱ እርድ ከሆነ ቪዲዮውን ሳይከፍቱት በዓሉ ምን እንደሆነ ወስነው ጨርሰዋል። በጉ በሕይወት ሳለ፣ ቀጥሎ ሥጋው ለጎረቤት ሲሰጥ ብታሳይ እርዱን አልደበቅከውም።

ፍሬሕይወት

ልጆችም ያዩታል እኮ። እኔ ከብሩክ ጋር ነኝ።

ሰሚር

የኛ ልጆች በየዓመቱ ያዩታል፤ ምንም አይሆኑም። መሐል ላይ ያለውን ቆርጦ በጉንና ሥጋውን ማሳየት ራሱ ማጣመም አይመስላችሁም? ያ ጊዜ ነው እኮ ቢስሚላህ የሚባለው፤ ዒባዳው፣ አምልኮው እሱ ነው።

ኡሙ ሰልማ

ሰሚር ያለው ሊታሰብበት ይገባል። ምስሉ ባይታይ እንኳ ድምፁ ሊሰማ ይችላል። «ቢስሚላህ አላሁ አክበር» ሲባል ካሜራው የሚያርደው ሰው ፊት ላይ ወይም የቆሙት ቤተሰቦች ላይ ቢሆንስ?

ብሩክ ኤዲቲንግ

ይሄ ይሠራል። ሞክረው ናሆም። ከመልቀቅህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። በዓሉን ለማያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች አሳይ፤ ምንም ሳታስረዳቸው «ይህ በዓል ምንድን ነው?» በላቸው። «ወደዳችሁት ወይ?» አትበል፤ ሁሉም ወደድኩት ነው የሚልህ። ስለ በጉ ብቻ ካወሩ ምስሉ በልጦብሃል ማለት ነው። ጎረቤትህንም ብቻዋን አትጠይቃት። ከእናቷ ወይም ከአያቷ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት። እሷ ካንተ ጋር ስለሠራች ማሞገሷ አይቀርም፤ እናቷ ግን እንደ ተመልካች ነው የሚያዩት።

ናሆም

ሁለቱንም አደረግኩ። እናቷ አይተው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ዒድ ሙባረክ ስትል ፈገግ በል፤ ለቅሶ ቤት የመጣህ ትመስላለህ» አሉኝ። ሌላ ያረሙት የለም። መግቢያዬን እንደገና ቀረጽኩት።

ከክርስቲያኖቹ አንዷ ጎረቤቴ በዓሉ ምን እንደሆነ ስጠይቃት «አባትና ልጅ አብረው የታዘዙበት» አለች። ሌላኛው ሰውዬ ግን «ይስሐቅን ለምን ኢስማዒል አለችው?» ብሎ ጀመረኝ፤ ሌላ ምንም አልያዘም። በጎረቤታችን ድምፅ ስለሆነ ስሙን አልነካውም። ጥያቄው ግን ግሩፑ ላይ መምጣቱ እንደማይቀር ገባኝ። ዘካርያስ፣ ቪዲዮው ሲለቀቅ እዚያ ገብተህ ከዘፍጥረት በኩል ያለውን ብታስረዳቸው ደስ ይለኛል።

ዘካርያስ

እገባለሁ። የምለው ግን አንድ ነው፤ የኛ መጽሐፍ ይስሐቅ ይላል፣ የነሱ አነጋገር ኢስማዒል ነው፣ ቪዲዮው የነሱን ነው የሚናገረው። ማን ትክክል ነው ወደሚለው አልሄድም። ሊንኩን በውስጥ ላክልኝ።

ጋሽ ወርቁ

የአብርሃም ልጆች የምትለዋስ?

ናሆም

ቪዲዮው ውስጥ የለችም ጋሼ። ግሩፑ ላይ ስለቀው እርስዎ በድምፅ መልእክት ይበሉልኝ። ከኔ ይልቅ ከእርስዎ ሲመጣ ይሰማል።